«ጀሪካኑን ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጦ ሄደ»፦ የደንበኛን ምስጋና ሰው ወደሚያምነው ፖስት መቀየር

የሴቶች ፀጉር ቤቶችን ገጽ ስትከፍቱ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይደጋገማል። «ደንበኞቻችን ስለመረጣችሁን እናመሰግናለን»፣ ሦስት ቀይ ልብ፣ ስልክ ቁጥር። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ግን ቤቱን ለማታውቅ ሴት ምንም አይነግራትም። እሷ ማወቅ የምትፈልገው ሌላ ነው። ሹሩባው ግንባሬን ይጎትተዋል? ቅዳሜ ስመጣ ስንት ሰዓት ልጠብቅ ነው? ጅማ ላይ ደግሞ ብዙ ሴቶች ጮክ ብለው የማይጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሻሼን ሳወልቅ ማን ያየኛል?

ይህ መመሪያ በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ሂጃብ የምታደርግ ደንበኛ አመሰገነቻችሁ እንበል። ፀጉሯን ፎቶ አንስታችሁ መለጠፍ አትችሉም። ብዙ ባለ ሳሎኖች እዚህ ላይ ይተዉታል፤ የበፊትና የአሁን ፎቶ ከሌለ ምስክርነት የለም ብለው። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። ፎቶ ሲጠፋ ቃሏ ሥራውን ሁሉ ይሠራል፤ ቃሏ ደግሞ በትክክል ከተያዘ ከፎቶ ይበልጣል። ከታች ያለችው ደንበኛ አሠራሩን ለማሳየት ያዘጋጀኋት ምሳሌ ናት። እርምጃዎቹን ግን እንዳሉ ወስዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ምስጋናውን እንደመጣ አስቀምጡት

ደንበኛዋ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ሹሩባ ተሠርታ ሄደች። ሰኞ ማታ በቴሌግራም ይህን የድምፅ መልእክት ላከች፦

«አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ ልጆች? ሹሩባው በጣም ቆንጆ ነው፣ እህቴ ራሱ ወዳዋለች። እና… እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ልመጣ ፈርቼ ነበር። መንገድ ዳር ናችሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ገባ ወጣ ይላል ብዬ። በፊት የምሄድበት ቤት አንዱ ሰውዬ ሚስቱን ሊወስድ ዘው ብሎ ገብቶ በጣም ነው የደነገጥኩት። እናንተ ግን ከውስጥ ያለው ክፍል አስገባችሁኝ፣ መጋረጃውን ዘጋችሁ፣ ውሃ የሚያመጣው ልጅ እንኳ ጀሪካኑን ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጦ ሄደ። አላህ ይስጣችሁ። ግን አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፣ እሱን አስተካክሉ።»

መጀመሪያ የምትሠሩት ነገር ይህን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ማውረድ ነው። ሰምታችሁ «በጣም ተደስታለች» ብላችሁ በራሳችሁ ቋንቋ አትጻፉት። የድምፅ መልእክቱን እያቆማችሁ፣ እየመለሳችሁ፣ «ዘው ብሎ» ያለችውን «ዘው ብሎ» ብላችሁ ጻፉ። በኦሮምኛ ከላከችው በኦሮምኛ ጻፉት። ሁለቱንም ቋንቋ አፉን የፈታበት ሰው እስኪያየው ድረስም ወደ አማርኛ አትመልሱት። ሁለቱም ቢለጠፉ ደግሞ የበለጠ ነው። ከተማችን በሁለቱም ያወራል።

ድምፁን ራሱን መለጠፍ ግን አይታሰብም። ፀጉሯን የምትሸፍን ሴት ድምፅዋ ገጽ ላይ እንዲወጣ ላትፈልግ ትችላለች። ጅማ ደግሞ ድምፅ ሰምቶ «ይቺማ እንትና ናት» የሚል ሰው አይጠፋም።

አንድ ሁለት ጥያቄ ብቻ መልሳችሁ ጠይቁ

አብዛኛው ምስጋና እንደዚህ ዝርዝር ሆኖ አይመጣም። «አሪፍ ነው፣ ተባረኩ» ተብሎ ያልቃል። ያኔ አንድ ሁለት ጥያቄ መልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል። «አገልግሎታችንን እንዴት አገኘሽው?» ብትሏት «ጥሩ ነው» ትላለች፤ ጥያቄው ራሱ ሌላ መልስ አይፈልግማ። የሚሠራው ጥያቄ ከመምጣቷ በፊት ስለነበረው ነገር የሚጠይቀው ነው፦

«እህቴ፣ እኛ ጋ ከመምጣትሽ በፊት ያሳሰበሽ ነገር ነበር?»

እሱን ከነገረቻችሁ በኋላ ደግሞ፦ «ታዲያ ስትመጪ እንዴት ሆነ?» ከሁለቱ በላይ አትጠይቁ፤ ከበዛ መጠይቅ የምትሞላ ይመስላታል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ፀጉሯ እጃችሁ ውስጥ እያለ አትጠይቁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቀርቶ፣ ማን ክፉ ይናገራል? ሹሩባ ደግሞ የመጀመሪያውን ሌሊት ካልተኛችበት ትክክለኛ ፍርዱ አይታወቅም። ጠብቆ ከተሠራ ሕመሙ የሚነሳው ማታ ትራስ ሲነካው ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁ።

የእኛ አስተማሪ ፍርሃቷን ሳትጠየቅ ስለተናገረች የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ነበር። መልሷ አጭር ነው፦ «ሻሼን አውልቄ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ፣ እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።» ይህን ወደ ወረቀቱ ጨምሩት።

አንዱን ፍርሃት ምረጡ፣ ሌላውን ተዉት

አሁን ወረቀቱ ላይ አራት ነገር አለ፦ ሹሩባው ማማሩ፣ መጋረጃው፣ የሌላው ቤት ታሪክ እና የአንድ ሰዓት ጥበቃው። አንድ ፖስት አንድ ፍርሃት ብቻ ነው የሚመልሰው። አራቱንም ካጨቃችሁበት አንዱም አይታወስም።

የምትመርጡት ሌላ ቤት በቀላሉ ሊለው የማይችለውን ነው። «ቆንጆ ሹሩባ» ሁሉም ይላል። «ውሃ የሚያመጣው ልጅ ጀሪካኑን ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጦ ሄደ» የሚለውን ግን ተቀምጦ የሚፈጥር ሰው የለም። ልጁን፣ ጀሪካኑን፣ መጋረጃውን ያየችው እዚያ የነበረች ሴት ብቻ ናት። አንባቢዋ ሳታስበው የምታምነው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነው። እኔ የደንበኛ ቃል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን የመሰለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ካገኘኋት የፖስቱ የመጀመሪያ መስመር እሷ ናት። ፌስቡክም ኢንስታግራምም ረዘም ያለውን ጽሑፍ ቆርጠው መጀመሪያውን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ «እናመሰግናለን» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጀሪካኑ ተደብቆ ይቀራል።

የሌላው ቤት ታሪክ ይወጣል። ስም ባትጠሩም ሰው ይገምታል፤ ግምቱም ሊሳሳት ይችላል። ደንበኛዋ የነገረቻችሁ አምናችሁ ነው፤ በሌላ ሰው ገበያ ላይ እንዲውል አይደለም።

የጥበቃው ቅሬታ ግን ይቆይ። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሰርዙት እሱን ነው፤ እኔ አጥብቄ የምከራከርለት እሱን ነው። ሁሉ ነገር ፍጹም የሆነበት ምስክርነት ባለቤቱ የጻፈው ይመስላል። ትንሿ ቅሬታ ከነመልሷ ስትቀመጥ፣ ስለ መጋረጃው የተባለውንም አብራ እውነት ታደርገዋለች። መልሱ ግን በእርግጥ የምትፈጽሙት መሆን አለበት።

ማሳጠር ይቻላል፣ ማሳመር አይቻልም

«እ…»፣ «እና…»፣ የተደገመ ቃል፣ ሰላምታ ይወጣል። ትርጉሙ እስካልተለወጠ ድረስ ከድምፅ መልእክቱና ከኋላ ከመጣው መልስ የተወሰዱትን ማያያዝም ችግር የለውም። ከዚያ በላይ አትሂዱ። «ተረጋግቼ ተቀመጥኩ» ያለችውን «በሕይወቴ አግኝቼ የማላውቀው ምቾት» ማድረግ ቃሏን መስረቅ ነው። ራሷም ስታነበው ትደነግጣለች።

ደንበኛዋ ራሷ የምትናገረውንም መመዘን ያስፈልጋል። አንዳንዷ ከልቧ «ትሪትመንት ካሠራሁ በኋላ ፀጉሬ በወር ውስጥ በጣም ረዘመ» ትላለች። ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በወር ውስጥ ያን ያህል ረዝሞ ከታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በፎን ተወጥሮ መዘርጋቱ ነው። ከለጠፋችሁት ቀጣይዋ ደንበኛ ያንኑ ጠብቃ ትመጣለች፤ ወሩ ሲያልፍም ተታለልኩ ብላ ትሄዳለች። ከቃሏ ውስጥ በእጇ የዳሰሰችውን፣ በዓይኗ ያየችውን ውሰዱ፦ «ሳበጥር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ቀነሰ» ካለች እሱ ይበቃል።

ጽሑፉ ሲሠራ

አሁን እንጻፈው። ይህ የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ብዙ ቤት የሚለጥፈው ዓይነት ነው፦

> ውድ ደንበኛችን ስለ ምርጥ አገልግሎታችን የሰጠችንን አስተያየት እናመሰግናለን! ለሙስሊም እህቶቻችን ምቹ ክፍል አለን። ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን።

ምን አለች? አይታወቅም። «ምቹ» ማለት ምን ማለት ነው? አይታወቅም። ዋጋው? በውስጥ መስመር። «በውስጥ መስመር» የሚለው ሐረግ ብቻውን ሰው ያርቃል፤ እንደ ሰው ፊት የሚለያይ ዋጋ ያለ ይመስላል። አንዲት ደንበኛን ከመጋረጃ ኋላ ስለተንከባከባችሁም «ለሙስሊም እህቶቻችን» ብሎ መለየት አያስፈልግም። ሻሽ የምታደርግ ኦርቶዶክስ እናትም፣ ፀጉሯ የሳሳባትና እንዲታይባት የማትፈልግ ወጣትም ያንኑ ክፍል ትፈልገዋለች። ክፍሉ ምን እንደሆነ ተናገሩ፤ የምትፈልገው ራሷን ታገኛለች።

የተስተካከለው ይኸው፦

> «ውሃ የሚያመጣው ልጅ እንኳ ጀሪካኑን ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጦ ሄደ።»
>
> ይህን ያለችን ሂጃብ የምታደርግ የጅማ አስተማሪ ናት። መጀመሪያ ልትመጣ ፈርታ ነበር።
>
> «መንገድ ዳር ናችሁ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ገባ ወጣ ይላል ብዬ። እናንተ ግን ከውስጥ ያለው ክፍል አስገባችሁኝ፣ መጋረጃውን ዘጋችሁ። ሻሼን አውልቄ ተረጋግቼ ተቀመጥኩ፣ እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ግን አንድ ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፣ እሱን አስተካክሉ።»
>
> ልክ ነሽ እህታችን። ቅዳሜ ሰው ይበዛል። ከአሁን በኋላ የውስጠኛው ክፍል በቀጠሮ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ።
>
> ውስጠኛው ክፍል ወንድ አይገባም፣ ፎቶም ቪዲዮም አይነሳም። ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ከዚህ በታች ሦስት ነገር በአጭሩ ይገባል፦ የሹሩባው መነሻ ዋጋ በብር፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ። አድራሻውን ለባጃጅ ሹፌር በሚነገርበት መንገድ ጻፉት። «መርካቶ፣ ከእንትን ሕንፃ ጎን፣ ሰማያዊ በር» የሚለው ከቀበሌና ከቤት ቁጥር ይልቅ ሰውን ያደርሳል። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ በተራው አካውንት እስከ 1024 ሆሄ ስለሆነ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይገባል። ካለፈባችሁ መቁረጥ ያለባችሁ የራሳችሁን ቃል ነው፤ የእሷን አትንኩ።

«የጅማ አስተማሪ» ብቻ ማለቴን ልብ በሉ። የትምህርት ቤቱ ስም፣ ሰፈሩ፣ የልጆቿ ቁጥር ከተጨመረ ስሟን እንደመጻፍ ነው። አንድ መለያ ይበቃል። ስሜ ይጻፍ ካለች ግን ደስ ይበላችሁ፤ ጻፉት።

ፎቶውን ከመስታወቱ ጠብቁት

ፎቶው የተዘጋው መጋረጃ ነው። ከውጭ በኩል፣ በቀን ብርሃን፣ ጀሪካኑ ከሥሩ ተቀምጦ። ይኸው ነው፤ የሴት ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ መጨመር አያስፈልግም። የተውሶ ፊት ያለበት ምስክርነት ቃሉንም የተውሶ ያስመስለዋል።

ካነሳችሁ በኋላ ፎቶውን አስፍታችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ፀጉር ቤት ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። መጋረጃውን ብቻ ያነሳችሁ መስሏችሁ ካስክ ሥር የተቀመጠች ሌላ ደንበኛ በመስታወቱ ጥግ ልትታይ ትችላለች። ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ የቀጠሮ ደብተርም ስምና ስልክ ያሳያል። «ወንድ አይገባም» በሚል ጽሑፍ ሥር የአንዲት ሴት ፀጉር ከወጣ ያንን እምነት መልሶ ማግኘት ይከብዳል።

የመልእክቱን ስክሪንሾት መለጠፍም የተለመደ ነው። እኔ አልመክረውም። ስሟ፣ የፕሮፋይል ፎቶዋ፣ አንዳንዴም ስልኳ አብሮ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ የሌላ ሰው መልእክት ብቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። የግድ ካላችሁ ጽሑፉን ብቻ ቆርጣችሁ አስቀሩ።

ፈቃዷን ከይሉኝታ አውጡት

ፈቃድ የሚጠየቀው ጽሑፉም ፎቶውም ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱን አሳይቶ ነው። «ምስጋናሽን ብንለጥፈው ቅር ይልሻል?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ፈቃድ አይባልም፤ ምን እንደሚወጣ አላየችምና። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ከእኛ አገር ሰው «አይ፣ አልፈልግም» የሚለውን ፊት ለፊት ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እምቢ ማለቱን እናንተ ቀድማችሁ አቅልሉላት፦

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። የነገርሽን ነገር ሌሎችን ሴቶች ያግዛል ብለን ይህን ጽፈናል። ስምሽ የለበትም፣ ፎቶው መጋረጃው ብቻ ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ገጻችን ላይ ነው የሚወጣው። የምትቀይሪው ወይም የምታስወጪው ካለ ንገሪን። ባይለጠፍ ከመረጥሽም ምንም ችግር የለውም፣ አንቺ ለእኛ ያው ነሽ። በኋላም ይውረድ ካልሽ በዚያው ቀን እናወርደዋለን።»

ዝም ካለች ዝምታዋ እሺ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ አሁንም ካልመለሰች ተዉት። «እሺ» ያለችበትን መልእክት አትሰርዙት። ከአክብሮቱ ሌላ ነገሩ የሕግም ነው፤ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ለምስክርነቱ ቅናሽ ወይም ስጦታ ሰጥታችሁ ከሆነም ፖስቱ ላይ ጻፉት። የተደበቀ ስጦታ በኋላ ከታወቀ ቃሏ ሁሉ የተገዛ ይመስላል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ቤቱን እዩ

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «ወንድ አይገባም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ነገ ጠዋት የምትመጣው ሴት ያንን ቆጥራ ነው የምትመጣው። ሠራተኞቻችሁን ሁሉ ሰብስባችሁ ጽሑፉን አንብቡላቸው። ውሃ የሚያመጣው ልጅ ያውቃል? የሳሎኑ ባለቤት ወንድም ቁልፍ ሊወስድ ዘው ይላል? ቲክቶክ የምትቀርጽ ሠራተኛ ካለች ውስጠኛው ክፍል ስልክ እንደማይገባ ገብቷታል? መብራት ሲጠፋና ክፍሉ ሲጨልምስ መጋረጃውን ትከፍታላችሁ ወይስ ሌላ መብራት አላችሁ? አንዱ ካልተመለሰ አትለጥፉ። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ቀኑን በተመለከተ፦ ለኢድና ለአረፋ፣ ለእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ሹሩባ ይሠራል። ፖስቱን ከበዓሉ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም አድርጉት። ዋዜማው ላይ ከለጠፋችሁት ቤቱ ሞልቶ፣ ውስጠኛው ክፍል ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ ቃል የገባችሁት ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

አስተያየት ሲመጣ

«ዋጋ?» የሚል ይመጣል፤ ከላይ ቢጻፍም በትሕትና መልሱ። «ራሳችሁ ጽፋችሁት ነው» የሚልም አይጠፋም። አትጣሉት፣ አትሰርዙትም። «ውስጠኛውን ክፍል መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ መሠራት ግዴታ አይደለም» በቂ መልስ ነው። ደንበኛዋን ታግ አድርጋችሁ «መስክሪልን» ማለት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ራሷ ገብታ ከተናገረች የእሷ ፈንታ ነው።

ፖስቱ መሥራቱን በላይክ አትለኩት። ሻሽ የምታደርግ ሴት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብባ ላይክ ሳታደርግ ለእህቷ ትልከዋለች። የምታውቁት በሚመጣው ጥያቄ ነው። ስልክ የምትደውል ሴት «ስንት ነው?» ከማለቷ በፊት «ያ መጋረጃ ያለው ክፍል ሐሙስም ይገኛል?» ካለች ጽሑፉ ደርሷታል። አዲስ የሚመጡትንም «በምን ሰማሽን?» እያላችሁ መልሱን ቀጠሮ ደብተሩ ጥግ ላይ አስፍሩት።

ቤት ከቀየራችሁ፣ ወይም ውስጠኛው ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ፣ ፖስቱን በዚያው ቀን አውርዱት። ለአስተማሪዋም ለምን እንደወረደ በአንድ መልእክት ንገሯት።